እኩል የመሰለው ተራ፦ በአንድ ላቦራቶሪ የቅዳሜ፣ የእሁድና የበዓል ሥራ እንዴት ተከፋፈለ?

## ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ?

«ተራ በተራ ከገቡ እኩል ነው» የሚባል ነገር በብዙ መሥሪያ ቤት ይሰማል። ሠራተኛው በሦስት ምድብ ይከፈላል። ምድቦቹ በየሳምንቱ ይፈራረቃሉ። ከዚያ በኋላ ቅሬታ ያነሳ ሰው እንደ ነገረኛ ይታያል።

የሰው ኃይል ክፍል ባልደረባ ሆኜ በምሠራበት በአንድ የአዲስ አበባ የግል ሆስፒታል ውስጥ፣ በ2016 ዓ.ም. የላቦራቶሪው ፕሮግራም ላይ የተነሳው ቅሬታ ግን ትክክል ነበር። ቅሬታው ትክክል መሆኑን ለማየት ካላንደርና እርሳስ ብቻ በቂ ነበር። ፕሮግራሙን ከላቦራቶሪዋ ኃላፊ ጋር እንደገና ስንሠራ ያየነውን ነው እዚህ የጻፍኩት። የሰዎቹንም የሆስፒታሉንም ስም ትቻለሁ።

## ሁኔታው

ላቦራቶሪው 24 ሰዓት ይሠራል። ዘጠኝ ሠራተኞች አሉት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራው ስለሚበዛ አብዛኛው ሰው ቀን ላይ ይገኛል። የሳምንቱ የሌሊት ሥራም የራሱ ፕሮግራም አለው፤ እሱ ላይ ችግር አልነበረም። ቅዳሜ፣ እሁድና በዓል ግን በየፈረቃው አንድ ሰው ብቻ ይበቃል። ፈረቃዎቹ ሦስት ናቸው። የጠዋቱ ከ1 እስከ 9 ሰዓት፣ የከሰዓቱ ከ9 እስከ ማታ 5 ሰዓት፣ የሌሊቱ ደግሞ ከማታ 5 እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ነው።

ኃላፊዋ ፕሮግራሙን ከኅዳር 1 እስከ ሚያዝያ 30፣ 2016 ዓ.ም. ለስድስት ወር አወጣችው። ከዚያ በፊት በየወሩ ነበር የሚወጣው። የወር ፕሮግራም የራሱ ጣጣ ነበረው። በአንድ ወር ውስጥ ያለው የቅዳሜና የእሁድ ፈረቃ ብዙ ጊዜ ለዘጠኝ ሰው እኩል አይካፈልም። ትርፍ ይኖራል። አንዳንዱ ሦስት ይደርሰዋል፣ አንዳንዱ ሁለት። ትርፉ የሚጫነው ደግሞ በየወሩ ያው ሰው ላይ ነበር፦ አዲስ ገቢው፣ ላጤው፣ እምቢ ማለት የማይችለው። በወር አንድ ፈረቃ ትንሽ ይመስላል። በስድስት ወር ግን ስድስት ፈረቃ ነው። ስለዚህ ኃላፊዋ ዘመኑን ሙሉ በአንድ ጊዜ ለማየት መወሰኗ ተገቢ እርምጃ ነበር።

የሠራችውም ቀላል ነበር። ዘጠኙን ሰው ሦስት ሦስት አድርጋ በሦስት ምድብ ከፈለች። አንደኛው ምድብ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሁለተኛው በቀጣዩ፣ ሦስተኛው ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሁድን ይይዛል። ከዚያ ተራው እንደገና ይዞራል። በስድስት ወሩ ውስጥ 26 ቅዳሜና እሁድ አለ። አንደኛውና ሁለተኛው ምድብ ዘጠኝ ዘጠኝ፣ ሦስተኛው ስምንት ይደርሰዋል። ከዚህ የተሻለ እኩልነት ከየት ይመጣል?

## ችግሩ

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከሁለተኛው ምድብ አንዱ ቴክኖሎጂስት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አወረደ። የምድቡን ሳምንታት በእርሳስ እያከበበ ሄደ። ሲጨርስ ካላንደሩን ይዞ ኃላፊዋ ቢሮ ገባ።

ያሳያት ይህን ነው። በዚያ ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 እሁድ ዋለ። ይህ ከኅዳር 1 ሲቆጠር ዘጠነኛው ሳምንት ነው። ጥምቀት ጥር 11 ቅዳሜ ዋለ፤ 11ኛው ሳምንት። ዓድዋ የካቲት 23፣ እሱም ቅዳሜ፤ 17ኛው ሳምንት። ፋሲካ ሚያዝያ 27፤ 26ኛው፣ ማለትም የመጨረሻው ሳምንት።

11፣ 17 እና 26 ለሦስት ሲካፈሉ ሁሉም ሁለት ይተርፋሉ። በሌላ አነጋገር ሦስቱም የሁለተኛው ምድብ ሳምንታት ናቸው። የጥምቀት ማግስትም እሁድ ስለነበር ቃና ዘገሊላም የእነሱ ሆነ። ገና ለሦስተኛው ምድብ ደረሰ። አንደኛው ምድብ ግን ዘጠኝ ሳምንት ሠርቶ አንድም በዓል አልነካውም።

ማንም ሆን ብሎ ያደረገው ነገር አልነበረም። ተራ የሚቆጥረው ሳምንት ነው። በዓል ደግሞ የራሱን መንገድ ይዞ ይመጣል። ሁለቱ የሚገጣጠሙት በአጋጣሚ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ትልልቅ በዓላት ጥቂት ስለሆኑ አጋጣሚው ራሱን የሚያስተካክልበት ጊዜ የለም። መቶ በዓል ቢኖር ኖሮ ለሦስቱ ምድብ ተቀራርቦ ይዳረስ ነበር። አራት ብቻ ሲሆኑ ግን ሦስቱ አንድ ቦታ ሊወድቁ ይችላሉ፤ ወደቁም።

በሥራ ቀን የዋሉት በዓላት ደግሞ ጭራሽ ፕሮግራሙ ውስጥ አልነበሩም። ኢድ አል ፈጥር፣ ሚያዝያ 23 የሚከበረው የሠራተኞች ቀንና ስቅለት «ሲደርስ እናያለን» ተብለው ቀርተዋል። በዚህ ቤት «ሲደርስ እናያለን» ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ከዘጠኙ ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው። ክርስቲያን በዓል ሲመጣ ዓይን ሁሉ ወደ እነሱ ይዞራል። አንደኛዋ በስብሰባው ላይ እንዲህ አለች፦ «ፋሲካን ብይዝ ደስ ይለኛል፤ የናንተ ደስታ የእኔም ነው። ግን ገናም፣ ጥምቀትም፣ ስቅለትም፣ ፋሲካም በየዓመቱ የኔ ነው ተብሎ አይያዝ። የኔ ልጆችም እኮ ትምህርት ቤት የሚዘጋላቸው ያን ቀን ነው።» ይህን ከዚያ በፊት ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር።

## ቀድሞ የቀረበው ሐሳብ፦ ነጥብ መስጠት

መጀመሪያ የቀረበው መፍትሔ ነጥብ ነበር። ቅዳሜ አንድ ነጥብ፣ እሁድ አንድ ተኩል፣ ሌሊት ሁለት፣ ፋሲካ አራት እያሉ መስጠትና በመጨረሻ የሁሉም ድምር እኩል እንዲሆን ማድረግ። ሲያዩት ያምራል። ሁለት ነገር ግን ጣለው።

አንደኛ፣ በዋጋው የሚስማማ ሰው አልተገኘም። ፕሮቴስታንት የሆነው ባልደረባ ለእሱ የእሁድ ጠዋት ከዓድዋ እንደሚከብድ ተናገረ። ሕፃን ልጅ ያላት ደግሞ ከሁሉም ሌሊቱ ይከብዳት ነበር።

ሁለተኛውና ዋነኛው፣ ድምር ጉዳትን ይሸፍናል። አንድ ሰው ሌሊቱን በሙሉ ይዞ እሁድ ባይነካ ድምሩ ከሌላው እኩል ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ምንም ችግር አይታይም። ሰውዬው ግን እንቅልፍ አጥቷል። ስለዚህ ነጥቡን ትተን እያንዳንዱን ዓይነት ለብቻው ለመቁጠር ተስማማን፦ ቅዳሜ፣ እሁድ፣ ሌሊትና በዓል። እኩልነቱ የሚፈተሸው በየዓምዱ ነው፤ ድምር የለም። በዓል ቅዳሜ ከዋለ በሁለቱም ዓምድ ላይ ይጻፋል። ዓምዶቹ ስለማይደመሩ ሁለት ጊዜ መጻፉ ማንንም አይጎዳም።

## አዲሱ ክፍፍል እንዴት ተሠራ?

የመጀመሪያው ሥራ በዓላቱን ከተራው አውጥቶ ለብቻ ማከፋፈል ነበር። ተራው የሚሞላው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሳምንቱን ቀድሞ ሞልቶ በዓልን በኋላ ለማስተካከል የሞከረ ሰው አንዱን ሲያነሳ ሌላው ይወድቅበታል።

ገናን፣ ጥምቀትንና ፋሲካን «ከባድ በዓል» አልናቸው። ሦስት በዓል በሦስት ፈረቃ ዘጠኝ ነው። ሠራተኛውም ዘጠኝ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ፣ ከዚያ የሚበልጥም የሚያንስም የለም። ሁለቱ ሙስሊሞችም እንደማንኛውም ሰው አንድ አንድ ደረሳቸው። ቁጥሩ እንዲህ ባይገጥም ኖሮ ትርፉ ተጽፎ ወደ ቀጣዩ ዘመን ይሻገር ነበር።

ቀሪዎቹ አራት በዓላት፣ ዓድዋ፣ ኢድ፣ የሠራተኞች ቀንና ስቅለት፣ 12 ፈረቃ አላቸው። ስድስቱ ሰው አንድ አንድ፣ ሦስቱ ሁለት ሁለት ያዙ። ኢድን የሚይዙት ክርስቲያኖቹ ብቻ እንዲሆኑ ተወሰነ። ስቅለትን ሁለቱ ሙስሊሞችና ፕሮቴስታንቱ በፈቃዳቸው ወሰዱ። የኢድ ቀን በጨረቃ ስለሚወሰን ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈው «ኢድ የሚውልበት ቀን» ተብሎ ነው። የተመደቡት ሦስት ሰዎች ሚያዝያ 1ንም 2ንም ክፍት አድርገው ያዙ። በዓሉ ሚያዝያ 2 ረቡዕ ዋለ።

የመምረጫው ቅደም ተከተል በዕጣ ሆነ። አንደኛ የወጣው ከከባዶቹ ዘጠኝ ፈረቃዎች የፈለገውን ያነሳል፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ለቀላሎቹ በዓላት ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። መጨረሻ የመረጠው መጀመሪያ ሆነ።

### ነፍሰ ጡሯ ባልደረባ

ከዘጠኙ አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከመጋቢት 1 ጀምሮ የወሊድ ፈቃድ ትወጣለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ይከለክላል። የከሰዓቱ ፈረቃ የሚያልቀው ማታ 5 ሰዓት ነው። ስለዚህ ለእሷ የሚሆነው የጠዋቱ ፈረቃ ብቻ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ፈቃድ ላይ ስለምትሆን፣ ከዕጣው በፊት ከገናና ከጥምቀት ጠዋቶች አንዱን እንድትመርጥ ተደረገ። ገናን መረጠች።

ዋናው ጥያቄ ግን ድርሻዋ ስንት ይሁን የሚለው ነበር። አንዳንዱ «ከመውጣቷ በፊት ሙሉ ድርሻዋን ትጨርስ» አለ። ይህ ነፍሰ ጡርን ሴት በየሁለት ሳምንቱ ማስገባት ነው። ሌላው «ምንም አትያዝ» አለ። እሷ ራሷ ይህንን አልፈለገችም። ስሌቱ በምትገኝበት ጊዜ ልክ ተሠራ። 26 ቅዳሜና እሁድ በቀን ሦስት ፈረቃ፣ በሁለት ቀን ስድስት፣ በድምሩ 156 ፈረቃ ይሆናል። እሷ 17ቱን ሳምንት ትገኛለች፣ ሌሎቹ 26ቱንም። ሲካፈል ለስምንቱ 18 ፈረቃ፣ ለእሷ 12 ሆነ። ስምንት ጊዜ 18፣ 144 ነው፤ 12 ሲጨመርበት 156 ይሞላል።

ሌሊቱ 52 ነው። ለስምንት ሰው ሲካፈል ለአራቱ ስድስት፣ ለአራቱ ሰባት ይደርሳል። ሰባት የደረሳቸው አራቱ ስማቸው ተጻፈ። በቀጣዩ ዘመን ትርፍ ካለ በሌሎቹ ላይ ይወድቃል።

### ሁለቱን ቀን አንድ ላይ ማድረግ

ከቁጥሩ እኩል አንድ ነገር ትኩረት ይፈልግ ነበር። 18 ፈረቃ በሁለት መንገድ ሊሠራ ይችላል። ቅዳሜና እሁድን አንድ ላይ ከያዝክ ዘጠኝ ሳምንት ትሠራለህ፣ 17 ሳምንት ሙሉ ታርፋለህ። አንድ ሳምንት ቅዳሜ፣ ሌላ ሳምንት እሁድ እያልክ ከበታተንከው ግን 18 ሳምንት ትሠራለህ፣ ሙሉ ዕረፍት የምታገኘው ስምንት ሳምንት ብቻ ነው። ቁጥሩ አንድ ነው፤ ኑሮው ግን ሰማይና ምድር ነው። ክፍለ ሀገር ያሉ እናቱን ሄዶ ለመጠየቅ የሚፈልግ ሰው አንድ ነፃ እሁድ አይጠቅመውም።

ሁሉም አንድ ላይ መያዙን መረጡ። ሁለቱን ቀን የሠራ ሰው በሳምንቱ ውስጥ ኦፍ ያገኛል፤ ሕጉም በሳምንት ቢያንስ 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት ያዛል። ሁለት ክልከላ ተጨመረ። ከሁለት ሳምንት በላይ ተከታትሎ መግባት አይቻልም። ቅዳሜ ሌሊት የሠራ ሰው እሁድ ጠዋት አይገባም፤ 16 ሰዓት በአንድ ጊዜ ናሙና ላይ መሥራት ስህተት መጋበዝ ነው።

### መዝገቡ

መዝገቡ በኤክሴል ተሠራ። ለእያንዳንዱ ፈረቃ አንድ መስመር አለው። A ላይ ቀኑ፣ B ላይ የፈረቃው ዓይነት፣ ከአንድ በላይ ከሆነም እንደ «እሁድ ሌሊት በዓል» አንድ ላይ፣ C ላይ የተመደበው ሰው፣ D ላይ በትክክል የሠራው ሰው ይጻፋል። የእያንዳንዱን ሰው የእሁድ ብዛት ለማየት፣ ስሙ H2 ላይ ከተጻፈ፣ ይህ ይበቃል፦

```
=COUNTIFS($C:$C,$H2,$B:$B,"*እሁድ*")
```

C በD ሲተካ የተመደበው ቀርቶ የሠራው ይቆጠራል። በየወሩ መጨረሻ ወረቀቱ ታትሞ የላቦራቶሪው በር ላይ ይለጠፋል። የሁሉም ቁጥር ለሁሉም ይታያል።

የተመደበውንና የሠራውን መለየት ትንሽ ነገር ይመስላል። ያለ እሱ ግን ፈረቃ መቀያየር መዝገቡን ያበላሻል። አንድ ሰው ገንዘብ ፈልጎ የሌላውን ፈረቃ ወሰደ እንበል። የሠራው ብቻ ከተቆጠረ «ብዙ ሠርቷል» ተብሎ በቀጣዩ ይቀነስለታል። ፈረቃውን የሰጠው ደግሞ ሳያስበው ይጨመርበታል። ስለዚህ እኩልነት የሚለካው በተመደበው ሆነ። ደመወዝና ዕረፍት የሚታየው በሠራው ነው። በሕዝብ በዓል የሚሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰዓት ሁለት እጥፍ ይከፈለዋል፤ ገንዘቡም በዓሉን በትክክል ለሠራው ሰው ነው የሚገባው። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 27 ከአርበኞች ቀን ጋር ተገጣጥሞ ነበር። «ሁለት በዓል ስለሆነ ክፍያውም ድርብ ነው?» ብለው የጠየቁ ነበሩ። ሕጉ ሁለት በዓል ሲገጣጠም ክፍያው አንድ ነው ይላል። ይህን ቀድሞ መናገሩ ኋላ ላይ ከሚመጣ ክርክር አድኖናል።

## የሠራው

ሚያዝያ 30 ላይ የተመደበው ዓምድ እንደታቀደው ወጣ። ስምንቱ 18፣ አንዷ 12። ከሌሊትና ከቀላሎቹ በዓላት በቀር የአንድ እንኳ ልዩነት አልነበረም። ማንም ሰው ሁለት ከባድ በዓል አልያዘም። በየበዓሉ ዋዜማ ቢሮ ውስጥ ይደረግ የነበረው ልመናና ማኩረፍ ቀረ። በዓሉን ማን እንደሚይዝ ከኅዳር ጀምሮ ይታወቅ ነበርና ሰው አስቀድሞ ለዘመዱ ነግሮ ነበር።

በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ያልጠበቅነውን አንድ ነገርም አወጣ። የካቲት ላይ የአንድ ወጣት ባልደረባ የሠራው ከተመደበው በአራት በለጠ። ኃላፊዋ ለብቻ ጠየቀችው። ሁለቱን ለክፍያው ብሎ በፍላጎቱ ነው የወሰደው። ሁለቱን ግን አንድ አንጋፋ ባልደረባው «አንተ ላጤ ነህ፣ ምን ሥራ አለህ?» ብሎ ነበር የጫነበት። «ጋሼን እንዴት እምቢ እላለሁ?» አለ። ሁለቱ ዓምዶች ጎን ለጎን ባይቀመጡ ኖሮ ይህ አይታይም ነበር። ከዚያ በኋላ ያለ ምትክ ፈረቃ መስጠት በኃላፊዋ በኩል ብቻ እንዲሆን፣ በወርም ከአንድ እንዳይበልጥ ተወሰነ። አንጋፋው ሁለቱን ፈረቃ በመጋቢትና በሚያዝያ መለሰ። ቅር ብሎት ነበር፤ ግን መለሰ።

## ያልሠራው

ትልቁ ጉድለት የበዓል ትርጉማችን ላይ ነበር። በዓልን በካላንደር ቀን ቆጠርነው። የፋሲካ ሦስት ፈረቃ የእሁድ ጠዋት፣ የእሁድ ከሰዓትና የእሁድ ሌሊት ተባለ። የእሁዱ ሌሊት ፈረቃ ግን ማታ 5 ሰዓት ይጀምራል። በዚያ ሰዓት ዶሮው ተበልቷል፣ ዘመድ ተጠይቋል፣ እንግዳው ሄዷል። በዕጣ አንደኛ የወጣው ሰው ይህን አይቶ የፋሲካን ሌሊት መረጠ። ሕጉን አልጣሰም። በዓሉን ቤቱ አሳልፎ ከባድ በዓል እንደያዘ ተቆጠረለት።

በዚያው ዓመት ቅዳሜ ማታ 5 ሰዓት ገብቶ እሁድ ጠዋት 1 ሰዓት የሚወጣው ሰው ግን ቅዳሴው ሙሉ በሙሉ ያመልጠዋል። ቤተሰቡ ሌሊት ሲፈታ እሱ የለም። መዝገቡ ላይ የተጻፈው ግን «ተራ የቅዳሜ ሌሊት» ነበር። ይህ የታየው ሰሙነ ሕማማት ሲገባ ነው። ፈረቃው የደረሳት ኦርቶዶክስ ባልደረባ ቀድማ አላስተዋለችውም። ያን ጊዜ ሌላኛው ሙስሊም ባልደረባ ተቀየራትና ነገሩ በሰላም አለፈ። ፕሮግራሙ የፈጠረውን ጉድለት የሸፈነው ግን የእሱ ቸርነት ነው። በቸርነት ላይ የቆመ ፕሮግራም ደግሞ ያው ወደ ድሮው መመለስ ነው።

ከተራም እንዲሁ። ጥር 10 ዓርብ ነበር፣ የሥራ ቀን። በዓል ስላልሆነ ድርብ ክፍያ የለውም፣ መዝገባችንም ላይ የለም። ታቦታቱ ሲወጡ የከሰዓቱን ፈረቃ የያዘው ሰው ከመስኮት ዝማሬውን እየሰማ ደም ሲመረምር ዋለ።

የተጠባባቂው ሐሳብም አልያዘም። ሰው ሲታመም በዚያ ዓይነት ቀን ትንሹ ቁጥር ያለው ሰው መጀመሪያ ይደወልለታል ብለን ነበር። ውጤቱ ስልክ መዝጋት ሆነ። ሰዎቹ ላይ አልፈርድም። ዕረፍት የተባለ ቀን እየተጠሩ የሚጠበቅበት ከሆነ ዕረፍት አይደለም። በኋላ ለየሳምንቱ አንድ ተጠባባቂ በስም ተመደበ። እሱም ቢሆን አነስተኛ የመጠባበቂያ ክፍያ እስኪፈቀድ ድረስ በደንብ አልሠራም። ክፍያው የተፈቀደው ሚያዝያ ላይ ነው፤ ስለዚህ በዚያ ዘመን ውጤቱን ለማየት ጊዜ አልነበረም።

## ለሌላ ቦታ የሚሆነው

ፋርማሲም ይሁን ሆቴል ወይም የጥበቃ ክፍል፣ ተራ ከመዞሩ በፊት በዓላቱን በሳምንት ቁጥር መጻፍና በምድቦቹ ብዛት ማካፈል ይገባል። ተመሳሳይ ትርፍ የሚደጋገም ከሆነ በዓላቱ አንድ ምድብ ላይ ሊወድቁ ነው። የምድቡን ቁጥር ከሦስት ወደ አራት መቀየር አያድንም። እኛ ሞክረነው ነበር። 9፣ 11፣ 17 እና 26 ለአራት ሲካፈሉ የሚተርፉት 1፣ 3፣ 1 እና 2 ናቸው። የተሻለ ይመስላል፤ ግን አንዱ ምድብ ገናንና ዓድዋን ይዞ አራተኛው አሁንም ባዶ ይሆናል። በዓልን ከተራው ማውጣት የሚሻለው ለዚህ ነው።

አዲስ ሰው በመሃል ሲገባ ደግሞ ከዜሮ አይጀመርለትም። ከዜሮ ከጀመረ መዝገቡ «ወደ ኋላ ቀርተሃል» ይለውና የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በሙሉ ቅዳሜና እሁድ ያስገባዋል። ድርሻው ከገባበት ሳምንት ጀምሮ ይሰላል። ለወሊድ ፈቃድ፣ ለረጅም ሕመምና ለትምህርትም እንዲሁ ነው። ከፈቃድ የተመለሰ ሰው ዕዳ የለበትም።

ይህ አሠራር ወሰን አለው። ዘጠኙም ሰዎች አንዱ የሌላውን ሥራ መሥራት ይችላሉ። አንድን ማሽን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ቢሆኑ ኖሮ፣ በየሳምንቱ ከሁለቱ አንዱ መገኘት ስላለበት፣ የትኛውም መዝገብ እኩል ሊያደርጋቸው አይችልም። እንዲህ ባለ ቦታ ፕሮግራም ከማስተካከል በፊት ሦስተኛና አራተኛ ሰው ማሠልጠን ይቀድማል።

## ከዚያ በኋላ

የ2017 ፕሮግራም ሲወጣ የበዓል ፈረቃ ትርጉም ተቀየረ። አሁን የበዓሉ ሦስት ፈረቃ የሚባሉት የዋዜማው ሌሊት፣ የዕለቱ ጠዋትና የዕለቱ ከሰዓት ናቸው። የዕለቱ ሌሊት እንደ ተራ ሌሊት ይቆጠራል፤ ክፍያው ግን በሕጉ መሠረት የካላንደሩን ቀን ይከተላል። ለጥምቀት የከተራ ከሰዓት ተጨመረ። በ2017 ጥምቀትም ዓድዋም እሁድ ነበር የዋሉት፣ ገና ደግሞ ማክሰኞ። ዕጣ አላስፈለገም። ከባድ በዓል ሲመረጥ ባለፈው ዓመት የፋሲካን ጠዋትና ከሰዓት የሠሩት ሁለቱ ቀድመው አነሱ፤ የፋሲካን ሌሊት የመረጠው መጨረሻ ላይ የቀረውን ወሰደ። ከወሊድ የተመለሰችው ባልደረባ ድርሻዋ እንደማንኛውም ሰው ከመጀመሪያው ሳምንት ተሰላ።